ለጓደኛ የተጻፈውን መልእክት ለአንጋፋው ዳይሬክተር እንዴት እናስተካክለው?

ጥር ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ የቢሮ ስልክ አያርፍም። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ከዚያ በፊት የስብሰባው ጥሪ፣ የደብዳቤው ፊርማ፣ የእንግዳው ዝርዝር ሁሉ በቴሌግራም ይመላለሳል። አንዱ ለባልደረባው የጻፈውን መልእክት ሌላው ያይና «ይህንኑ ለዳይሬክተሩም ላክላቸው» ይላል። ዳይሬክተሩ ደግሞ የአባት እኩያ ናቸው። «አንተ» ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ መላክ አይታሰብም። ስለዚህ መልእክቱ ይስተካከላል፤ ብዙ ጊዜ በችኮላ፣ በአንድ እጅ ማኪያቶ ተይዞ።

«አንተ»ን «እርስዎ» ማድረግ ለማንም አይከብድም። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አማርኛ ሰው ሲያከብር ግሱን በብዙ ቁጥር መልክ ያስኬደዋል። «ይመጣሉ» ስንል እርስዎም ይመጣሉ፣ እሳቸውም ይመጣሉ፣ እነሱም ይመጣሉ። ለጓደኛ ስንጽፍ «ትመጣለህ» እና «ይመጣሉ» ተለያይተው ተቀምጠው ነበር። አክብሮቱ ሲገባ ሁለቱም አንድ ቃል ይሆናሉ። አንባቢው ማን እንደሚመጣ ይጠፋበታል። እኔ የሰው መልእክት ሳቀና የማየው ስሕተት ከግማሽ በላይ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ማክበሩ ተሳክቶ መልእክቱ ይደበዝዛል።

እስቲ አንድ መልእክት ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንውሰደው። ለባልደረባ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም፣ እንዴት ነህ? ትናንት የላክሁልህን ደብዳቤ አየኸው? ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ፣ ጊዜ ካለህ ና። የኮሚቴው ሰዎችም ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት እናንተ ጋ መጥተው ያነጋግሩሃል። የእንግዶቹን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ደብዳቤውን ፈርምና ለጸሐፊህ ስጣት፣ ልጁ መጥቶ ይወስደዋል። ካልቻልክ ወይ ከደከመህ ንገረኝ፣ ለሌላ ቀን እናደርገዋለን። ገባህ አይደል? ቻው»

ለጓደኛ ከሆነ ምንም አይወጣለትም። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። አሁን ወደ ሥራው።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ለዩ

ፊደል ከመንካታችሁ በፊት በመልእክቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። እዚህ አምስት ወገን አለ፦ ጻፊው፣ ተቀባዩ፣ የኮሚቴው ሰዎች፣ ጸሐፊዋ እና ተላላኪው ልጅ። (ዝርዝር ውስጥ ያሉት እንግዶች ምንም ስለማይሠሩ እንተዋቸው።) ከነዚህ ውስጥ በብዙ ቁጥር የተነገሩት የኮሚቴው ሰዎች ብቻ ናቸው። ተቀባዩ ሲከበር እሱም በብዙ ቁጥር መልክ ሊመጣ ነው። እንግዲህ የሚጋጩት ሁለቱ፣ ተቀባዩ እና የኮሚቴው ሰዎች ናቸው። ይህን በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጸሐፊዋንም አትርሱ። «ስጣት» የሚለው ለእኩያ ይሆናል። ጸሐፊዋ በዕድሜ የምትበልጣችሁ ከሆነ እሷም «እሳቸው» ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳይሬክተሩ ትልቅ ስለሆኑ በእሳቸው ፊት ሌላውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ያለበት ስለሚመስለው ነው። አይደለም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸውን ሹፌር «ሹፌርዎ መጥቷል» ብላችሁ ብትጽፉ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ይታዘቧችኋል። ሦስተኛውን ሰው እናንተ ፊት ለፊት እንዴት እንደምትጠሩት፣ በጽሑፍም እንደዚያው ነው።

2. «አንቱ» ወይስ «እርስዎ»?

ጎንደር ውስጥ ለአያት፣ ለቄስ፣ ለሰፈር ሽማግሌ «አንቱ» ይባላል። ቢሮም ውስጥ ቢሆን ዕድሜያቸው የገፉትን በቃል «አንቱ» የሚል ሰው አለ። በጽሑፍ ግን «እርስዎ» በሉ። የሥራ ደብዳቤ የለመደው እሱን ነው። ደግሞም ዳይሬክተሩ ያደጉት ሌላ አገር ከሆነ «አንቱ» ሲባሉ እንደ ቀልድ ሊመስላቸው ይችላል።

ደስ የሚለው፣ ሁለቱም ጋ ግሱ አይለወጥም። «አንቱ ይመጣሉ»፣ «እርስዎ ይመጣሉ» ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚመለከተው ተውላጠ ስሙን ብቻ ነው። ተውላጠ ስሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። «እርስዎ እንዴት ነዎት? እርስዎ ደብዳቤውን አዩት? እርስዎ ይመጣሉ?» እያለ በየመስመሩ «እርስዎ» የሚደረድር መልእክት ፖሊስ ቃል የሚቀበል ነው የሚመስለው። «እርስዎ»ን ቆጥቡት። የምትፈልጉበት ቦታ ይመጣል።

የጎንደር ሰው «ላክሁ፣ ሄድሁ» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ የአዲስ አበባው «ላክኩ፣ ሄድኩ» ይላል። ይህን ለመለወጥ አትድከሙ። ከአክብሮት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

3. «ህ»ን፣ «ኸ»ን፣ «ሃ»ን እና «ክ»ን አድኑ

ዐይን ግሱን ያያል፣ ቅጥያውን ይዘላል። «ትመጣለህ» የሚለውን ሁሉም ሰው «ይመጣሉ» ያደርገዋል። «መኪናህ» ግን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ በትርጉም ሳይሆን በፊደል ፈልጉ። መልእክቱን ከፍታችሁ «ህ» ባለበት ሁሉ ቁሙ።

በእኛ መልእክት «ነህ፣ የላክሁልህን፣ ካለህ፣ ለጸሐፊህ፣ ከደከመህ፣ ገባህ» ይወጣሉ። «ኸ» ስትፈልጉ «አየኸው» ይገኛል። «ሃ» ስትሉ «ያነጋግሩሃል» ይመጣል። «ክ» ላይ «ካልቻልክ» አለ። («የላክሁልህን» ውስጥ ያለው «ክ» የግሱ የራሱ ነው፤ እለፉት።) ለሴት ኃላፊ የሚሄድ ከሆነና መነሻው ለሴት ጓደኛ የተጻፈ ከሆነ የምታድኑት «ሽ»ን ነው። ከዚያ በኋላ የወንድና የሴት ልዩነት ከነጭራሹ ይጠፋል፤ «እርስዎ» ለሁለቱም አንድ ነው።

በፊደል የማይያዙት ትእዛዞቹ ናቸው፦ «ና፣ ፈርም፣ ስጣት፣ ንገረኝ»። ለወንድ የሚባል ትእዛዝ መለያ ፊደል የለውም። እነዚህን አንድ በአንድ በንባብ ማግኘት ብቻ ነው መፍትሔው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ና» የሚለው ለዳይሬክተሩ ሲነበብ ጆሮ ራሱ ይቆማል።

4. «ዎ» የት፣ «ዎት» የት?

የተያዙት ቃላት አሁን ይለወጣሉ። «ነህ» «ነዎት» ይሆናል። «ካለህ» «ካለዎት» ይሆናል። «የላክሁልህን» «የላክሁልዎን»፣ «ለጸሐፊህ» «ለጸሐፊዎ»፣ «ያነጋግሩሃል» «ያነጋግሩዎታል»፣ «አየኸው» «አዩት»፣ «ካልቻልክ» «ካልቻሉ»።

ንብረት ሲሆን «ዎ» ይበቃል፦ ቢሮዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ደብዳቤዎ፣ ስምዎ። በንግግር «ስምዎት» ይባላል፤ በጽሑፍ ግን ባይኖር ይሻላል። ግሱ «አለ»ን ጨምሮ ሲያልቅ «ዎት» የግድ ነው፦ ያነጋግሩዎታል፣ ይመችዎታል፣ ያመጣልዎታል። በቀረው ቦታ «ላክሁልዎ»ም «ላክሁልዎት»ም ያስኬዳል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻ በእሱ ሂዱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። «እርሶ»፣ «ስሞ»፣ «ቢሮ ኖት?»፣ «እባኮት» እያሉ መጻፍ አሁን አሁን ተዛምቷል። ጆሮ እንደዚያ ስለሚሰማው ነው። ወጣት ለወጣት ምንም አይለው ይሆናል። በሰባዎቹ ወይም በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ደብዳቤን በእስክሪብቶ ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ግን «እርሶ»ን ሲያዩ አክብሮቱን አይደለም የሚያዩት፣ ስሕተቱን ነው። «እርስዎ፣ ስምዎ፣ ቢሮ ነዎት?፣ እባክዎ» ነው አጻጻፉ።

«ደከመህ» ዓይነቶቹን ለየት አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። «ደከመህ፣ አመመህ፣ ራበህ፣ ቸገረህ፣ ገባህ፣ ተመቸህ» ሲከበሩ ግሱ ብዙ ቁጥር አይሆንም። «ደከሙ» አይደለም፣ «ደከመዎት» ነው። «ደከሙ» ካላችሁ ሌላ ነገር ሆነ፤ አቅም አነሳቸው፣ አረጁ እንደማለት ይሰማል። ለአዛውንት ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሳይታሰብ ማምለጥ የለበትም። «ጊዜ አለህ»ም እንደዚሁ «ጊዜ አለዎት» እንጂ «ጊዜ አሉ» አይሆንም።

5. የአክብሮት ብዙ ቁጥርና እውነተኛው ብዙ ቁጥር

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። የሚያከብረው ግሱ ነው፤ ስሙ በነጠላ ይቀራል። «ዳይሬክተሩ ፈርመዋል» ልክ ነው። «ዳይሬክተሮቹ ፈርመዋል» ካላችሁ ሁለት ሦስት ዳይሬክተር አመጣችሁ። «ይህ ሰውዬ»ን ማክበር ከፈለጋችሁ «እኚህ ሰው» ነው፤ «እነዚህ ሰው» አይባልም።

«እነ»ም ያሳስታል። «እነ ጋሼ ይመጣሉ» የሚለው ጋሼን አያከብርም። ጋሼና ከእሳቸው ጋር ያሉ ሰዎች ይመጣሉ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ወንበር ያዘጋጀ ቢሮ ይህን ቢያነብ አራት ወንበር ይጨምራል።

ከሁሉም በላይ ግን አንዲት «ይ» ናት ሰው የምታሳስተው። እነዚህን ጥንዶች እዩ፦

ላኩልኝ / ይላኩልኝ
ፈርሙ / ይፈርሙ
ተቀመጡ / ይቀመጡ
ንገሩኝ / ይንገሩኝ
ብትገኙልን / ቢገኙልን

በግራ ያሉት ለ«እናንተ» ናቸው። በቀኝ ያሉት ለ«እርስዎ»። «ና»ን ትቶ «ኑ» ብሎ የጻፈ ሰው ከነጠላ ወደ ብዙ ስለሄደ ያከበረ ይመስለዋል። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «ላኩልኝ» ብሎ የሚጨርስ መልእክት በየቀኑ አያለሁ። መጀመሪያው ለአንድ ክቡር ሰው፣ መጨረሻው ለሰፈር ልጆች ስብስብ ይመስላል።

መነሻው መልእክት ላይ ያለው «እናንተ ጋ»ም እዚሁ ይገባል። ለጓደኛ «እናንተ ጋ» ማለት «እናንተ ቢሮ» ማለት ነው፤ ነጠላም ሆኖ ይባላል። ለዳይሬክተሩ «ቢሮዎ» ወይም «እርስዎ ዘንድ» በሉት።

ቡድን ስትጠሩ ነገሩ ይገለበጣል። መልእክቱ ለዳይሬክተሩና ለሦስት የክፍል ኃላፊዎች በአንድ ላይ የሚሄድ ከሆነ «እናንተ»ና «ብትገኙልን» ትክክል ናቸው፤ ብዙ ሰው ስለሆነ «እናንተ» ማንንም አያዋርድም። ሆኖም ዳይሬክተሩ ከሥር ሠራተኛቸው ጋር «እናንተ» ሲባሉ ቅር የሚላቸው ዓይነት ከሆኑ መውጫ አለ። «እርስዎና የክፍል ኃላፊዎቹ በሰዓቱ ቢገኙልን» ብላችሁ ጻፉ። «ቢገኙልን» ሁለቱንም ይሸከማል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለእሳቸው ለብቻ መላክ ነው።

6. ማን ምን እንደሚያደርግ ፍቱት

እስካሁን ያልነውን ሁሉ ብንፈጽም መልእክታችን ይህን ይመስላል፦

«ሰላም፣ እንዴት ነዎት? ትናንት የላክሁልዎን ደብዳቤ አዩት? ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ፣ ጊዜ ካለዎት ይምጡ። የኮሚቴው ሰዎችም ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ቢሮዎ መጥተው ያነጋግሩዎታል። የእንግዶቹን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ደብዳቤውን ይፈርሙና ለጸሐፊዎ ይስጧት፣ ልጁ መጥቶ ይወስደዋል። ካልቻሉ ወይ ከደከመዎት ይንገሩኝ፣ ለሌላ ቀን እናደርገዋለን። ገባዎት አይደል? ቻው»

ሰዋስዉ አይነቀፍም። ግን «የእንግዶቹን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ» የሚለውን በዳይሬክተሩ ዐይን አንብቡት። ማን ነው ይዞ የሚመጣው? ጻፊው የኮሚቴውን ሰዎች ማለቱ ነው። ለጓደኛ ሲጻፍ ግልጽ ነበር፤ ጓደኛው ቢሆን ኖሮ «ይዘህ ትመጣለህ» ይባል ነበር። አሁን ዳይሬክተሩ «ዝርዝሩን ይዘው ይምጡ ተባልሁ» ብለው ሌሊቱን ዝርዝር ሲያስፈልጉ ሊያድሩ ይችላሉ። ወይም ተቃራኒው ይሆናል፤ እሳቸው ይዘው መምጣት የነበረባቸውን ነገር «ኮሚቴው ያመጣዋል» ብለው ይተዉታል።

ለመለየት የሚረዳን አማርኛ ራሱ ያስቀመጠው ነገር አለ። የግሱ ባለቤት ቢደባለቅም ቅጥያው አይደባለቅም። «ቢሮዎ» እና «ቢሮአቸው» የተለያዩ ናቸው። «ነገርሁዎ» እና «ነገርኋቸው» አይምታቱም። «ነዎት» እና «ናቸው»፣ «አለዎት» እና «አላቸው» ተለይተው ይኖራሉ። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ሲደበዝዝ የዳይሬክተሩን «ዎ» አንድ ቦታ አስገቡ። «የእንግዶቹን ዝርዝር ይዘውልዎ ይመጣሉ» ብትሉ ነገሩ አለቀ። ለእሳቸው ነው የሚመጣው፤ አምጪው እሳቸው ሊሆኑ አይችሉም። አንዲት «ልዎ» ሙሉ ማብራሪያ ተካች።

በተቃራኒው አድራጊው ዳይሬክተሩ ሲሆኑ፣ ከፊቱ ያለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ስለ ሌሎች ሰዎች ከሆነ፣ ቆጥበን የነበረው «እርስዎ» ይወጣል። «እንግዶቹ 4 ሰዓት ላይ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳሉ። ከሹፌሩ ጋር ይሄዳሉ።» እዚህ እንግዶቹ ናቸው ከሹፌሩ ጋር የሚሄዱት ወይስ ዳይሬክተሩ ናቸው ሊቀበሏቸው የሚሄዱት? «እርስዎ ከሹፌሩ ጋር ሄደው ቢቀበሏቸው» ሲባል ይጠራል።

«አሉ»ንም ተጠንቀቁ። «ቢሮ አሉ?» ለዳይሬክተሩ ሲላክ እሳቸውን መጠየቅ ይሁን፣ ስለ ሌሎች መጠየቅ ይሁን አይለይም። «አሉ» ደግሞ የወሬ ማሰሪያም ነው፤ «ዳይሬክተሩ መጡ አሉ» እንደምንለው። «ቢሮ ነዎት?» ብላችሁ ተገላገሉ።

እንዲህ ያለ መደበላለቅ መኖሩን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። በ«ኡ» ወይም በ«ሉ» የሚያልቀውን እያንዳንዱን ግስ ጣታችሁን አስቀምጡበትና «ማን?» በሉ። መልሱን ከዚያው ዐረፍተ ነገር ማግኘት ካልቻላችሁ ዳይሬክተሩም አያገኙትም።

7. ትእዛዙን አለስልሱት

«ይምጡ»፣ «ይፈርሙ»፣ «ይስጧት» ሁሉም የአክብሮት መልክ አላቸው። ትእዛዝነታቸው ግን አልተነካም። «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ» ለእንግዳ ሲባል ግብዣ ነው፤ የሚጠቅመው ለእሳቸው ነው። «ይፈርሙልኝ» ግን የሚጠቅመው ለእኔ ነው፤ ስለዚህ መለማመጥ ይፈልጋል። መሣሪያው «ቢ» ናት፦ ቢገኙልን፣ ቢፈርሙልን፣ ቢያስቀምጡልን። ከኋላዋ «ደስ ይለናል» አንድ ጊዜ ከተባለ ለሁሉም ይበቃል። በየመስመሩ «እባክዎ» መደርደር ልመና ያስመስላል።

አንዳንዱ «እንዲፈረም»፣ «እንዲላክ» እያለ አድራጊውን ደብቆ ይጽፋል። በማኅተም ለሚወጣ ደብዳቤ ይሆናል። በስልክ ለሚላክ መልእክት ግን ይቀዘቅዛል፤ ሰውዬው ከመልእክቱ ውስጥ ይጠፋሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ መለወጥ ሳይሆን መውጣት አለበት። «ገባዎት አይደል?» ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ይዘቱ ግን መምህር ለተማሪ የሚለው ነው። ግልጽ አለመሆን የጻፊው ጥፋት ተደርጎ ይጻፍ፦ «ግልጽ ያላደረግሁት ነገር ካለ ልደውልልዎ»። «ከደከመዎት»ም ለጓደኛ አሳቢነት ነው፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ኃላፊ ግን ዕድሜያቸውን ማስታወስ ይሆናል። «ካልተመቸዎ» በቂ ነው።

«አዩት?» የሚለውም በጥያቄ ሲመጣ «ለምን አላዩም?» የሚል ጥላ አለው። «ልኬልዎ ነበር» ብሎ መጥቀስ ያው ሥራ ይሠራል፤ ማንንም አይወቅስም።

8. ራስና እግሩ

«ሰላም» ይነሣና «ጤና ይስጥልኝ» ይግባ። ቀጥሎ እንደ ጊዜው «እንደምን አደሩ»፣ «እንደምን ዋሉ»፣ ካልተገናኛችሁ ከቆየ «እንደምን ሰነበቱ»። መልእክቱን ማታ ጽፋችሁ ጠዋት የምትልኩት ከሆነ ይህቺን ማስተካከል አትርሱ።

መጠሪያውን ፊት ለፊት እንደምትጠሯቸው አድርጉት። «ጋሼ» የምትሏቸው ከሆነ «ጋሼ»። ካልሆነ ማዕረጋቸው ከራሳቸው ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር ብላችሁ የአባታቸውን ስም ብቻ አትጥሩ፤ ሟች አባታቸውን እንደጠራችሁ ይቆጠራል። «ክቡር»ና «ክብርት»ን ለመድረክና ለደብዳቤ ተዉት።

መዝጊያው «ቻው» እንዳይሆን። «ከሰላምታ ጋር» ለደብዳቤ ይሄዳል። ለአጭር መልእክት «አክባሪዎ» እና ስማችሁ ያምራል።

የተጠናቀቀው ይኸውላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?
ትናንት የከተራውን ዝግጅት የሚመለከት ደብዳቤ ልኬልዎ ነበር። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ስላለን ጊዜ ካለዎት ቢገኙልን ደስ ይለናል። የኮሚቴው አባላት ከስብሰባው በፊት፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሮዎ መጥተው ሊያነጋግሩዎ ይፈልጋሉ። የእንግዶቹንም ዝርዝር ይዘውልዎ ይመጣሉ። ደብዳቤውን ተመልክተው ቢፈርሙልንና ጸሐፊዎ ዘንድ ቢያስቀምጡልን መልእክተኛችን መጥቶ ይወስደዋል። ነገ ካልተመቸዎ ግን እርስዎ ወደሚመችዎ ቀን እናዛውረዋለን። ግልጽ ያላደረግሁት ነገር ካለ ልደውልልዎ እችላለሁ።
አክባሪዎ»

«ከዚያ በፊት» የሚለው ጠፍቶ ሰዓት መግባቱን ልብ በሉ። አዲስ መረጃ ስለሆነ ኮሚቴውን ጠይቃችሁ ነው የምትጨምሩት። «ስጣት» ደግሞ «ጸሐፊዎ ዘንድ» ሲሆን ጸሐፊዋን «እሷ» እንበል «እሳቸው» የሚለው ጣጣም አብሮ ቀረ። «ልጁ» «መልእክተኛችን» ሆነ፤ የማን ልጅ ተብሎ እንዳይጠየቅ።

መልስ ሲመጣ

ዳይሬክተሩ የሚመልሱት አጭር ነው። «ደህና ነኝ ልጄ። እመጣለሁ። ደብዳቤውን ግን አላገኘሁትም፣ ደግመህ ላክልኝ» ይላሉ። እሳቸው «አንተ» ስላሉ እናንተም ወደ «አንተ» አትወርዱም፤ ይህ የታወቀ ነው። የሚረሳው ሁለተኛው መልስ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መልእክት ሰው ተጠቦ ይጽፋል። ሁለተኛውን በቅጽበት «እሺ ልኬዋለሁ እየው» ብሎ ይሰዳል፤ ያ ሁሉ «ዎ» ገደል ይገባል። «እሺ ጋሼ፣ አሁን ደግሜ ልኬልዎታለሁ፤ ካልደረሰዎ አትሞ ይዞልዎ የሚመጣ ሰው እልካለሁ» ብላችሁ መልሱ። ከዚያ ለጸሐፊያቸው ስትነግሩም «ደብዳቤው አልደረሰውም» ሳይሆን «አልደረሳቸውም» ነው፤ ያ መልእክት ተመልሶ እሳቸው ስልክ ላይ ሊገባ ይችላል።